ወጡን የሚያደበዝዘው ግድግዳ

ዛላ በርበሬ የሚገዛ ሰው እጁን ወደ ጆንያው ከትቶ አንድ ዛላ ያወጣና ከሱቁ ደጃፍ ወጣ ብሎ በፀሐይ ያየዋል። ነጋዴውም አይቀየምም፤ የበርበሬ ቀለም ጥላ ውስጥ እንደማይለይ ሁለቱም ያውቃሉ። ሥጋ የሚገዛውም ጤፍ የሚገዛውም እንዲሁ ነው። ይኸው ጠንቃቃ ገዢ ዕቃውን ቤቱ ካስገባ በኋላ ግን ያን ተመርጦ የተገዛ ቀለም ለምን ዓይነት ግድግዳና ለምን ዓይነት አምፖል እንደሚያስረክበው አያስብም። የማዕድ ቤት ቀለም ሲመረጥ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቆሻሻ ይችላል ወይ?»

ጥያቄው ጎዶሎ ነው። ከማዕድ ቤት ቀለም የምንፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ክፍሉ ንጹሕ መስሎ እንዲታይና ምግቡ እንዲያስጎመጅ። ችግሩ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይስማሙም። ክፍሉን የሚያጠራው ውሃ ሰማያዊ ግድግዳና ደማቅ ነጭ አምፖል ሽሮውን ያጠቁረዋል፣ እንጀራውን አመድማ ያደርገዋል። ወጡን ሞቅ የሚያደርገው ቢጫ ክሬም ደግሞ ገና ተቀብቶ ሳይደርቅ ዓመት ሙሉ የዘይት ጭስ የጠጣ ይመስላል። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። ለዚያ ግን ቀለም ብቻውን እንደማይታይ፣ ሁልጊዜ ከአጠገቡ ካለው ጋር ተያይዞ እንደሚታይ ማወቅ ይጠይቃል።

ይህን ነገር በሥርዓት አጥንቶ የጻፈው ሚሼል ኢዠን ሼቭረል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 ጎብላን በተባለው የፓሪስ ዝነኛ የሥዕል ምንጣፍ ፋብሪካ የክር ማቅለሚያው ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። እዚያ ከጠበቁት አቤቱታዎች አንዱ ጥቁሩ ክር ጥቁር አይመስልም፣ ደብዝዟል የሚል ነበር። ሼቭረል የፋብሪካውን ጥቁር ክር ከሌላ ቦታ ከመጣ ጥቁር ክር ጋር ሲያስተያየው ምንም እንከን አላገኘበትም። ክሩ የሚደበዝዘው በምንጣፉ ላይ ከሰማያዊና ከሐምራዊ ክር ጎን ሲሸመን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 ባሳተመው መጽሐፉ ያስቀመጠው ሕግ ባጭሩ እንዲህ የሚል ነው፤ ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲሆኑ ዓይናችን ልዩነታቸውን ያጋንነዋል፣ እያንዳንዱም ሌላውን ወደ ራሱ ተቃራኒ ይገፋዋል። የቀይ ተቃራኒ ሰማያዊ የነካው አረንጓዴ ነው፤ የብርቱካንማ ተቃራኒ ሰማያዊ፣ የቢጫ ደግሞ ሐምራዊ።

የጾም በያይነቱ ለዚህ ሕግ ጥሩ ማስረጃ ነው። ምስር ወጡ ከጎመኑ አጠገብ ሲወጣ የበለጠ ይቀላል፣ ጎመኑም የበለጠ ይለመልማል። ሁለቱን ምስር አጠገብ ለአጠገብ ብታወጧቸው ያ ድምቀት የለም። ሌላም ነገር አለ። በእኛ ማዕድ ወጡ ሳህኑን አይነካውም፤ የቅርብ ጎረቤቱ ምንጊዜም እንጀራ ነው። ነጭ ማኛ ላይ የወጣ ዶሮ ወጥ ጠቆር ብሎ፣ የተቁላላ ሽንኩርቱ በዝቶ ይታያል፤ በቀይ ጤፍ እንጀራ ላይ ደግሞ ያው ወጥ ሳሳ ያለ ይመስላል። ሳህኑ ወይም ትሪው የሚጫወተው ከእንጀራው ጋር ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ብዙ ሰው የሚያምንበትን አንድ ነገር መመርመር ይቻላል። ቀይ ቀለም የምግብ ፍላጎት ይቀሰቅሳል ይባላል፤ በዚህ ምክንያት ቀይ ግድግዳ ያላቸው ምግብ ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ቀይ ግድግዳ ደንበኛን ከመንገድ ይጠራ ይሆናል። ለእኛ ምግብ ግን መጥፎ ጎረቤት ነው። ዓይን በቀይ ተከብቦ ሲቆይ ለቀይ ያለው ስሜት ይደክማል፤ በዚያ መካከል የቀረበ ቀይ ወጥ ቀይነቱን አጥቶ ቡናማ ይሆናል። የባሰው ግን በእንጀራው ላይ የሚሆነው ነው። እንጀራ የራሱ ጠንካራ ቀለም ስለሌለው ጎረቤቱ እንደገፋው ይገፋል፤ ደማቅ ቀይ መካከል ሲቀመጥ ትንሽ አረንጓዴ የነካው ይመስላል። በእንጀራ ላይ አረንጓዴ ያየ ሰው ደግሞ የሚያስበው ሻጋታን ነው። ተመጋቢው ምክንያቱን ሳያውቀው «ዛሬ እንጀራው ምን ነካው?» ይላል።

የዚህ ተቃራኒ በሥጋ ላይ ታይቷል። ፋበር ቢረን የተባለው ስመ ጥር አሜሪካዊ የቀለም አማካሪ ገበያው የቀዘቀዘበትን የቺካጎ ሥጋ ነጋዴ ሱቅ ሲመለከት ግድግዳው ብን ያለ ነጭ ሆኖ አገኘው። ንጹሕ ነበር፤ ሥጋው ግን ነጣ ብሎ፣ ሕይወት የሌለው ሆኖ ይታይ ነበር። ቢረን ከሥጋው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ሰማያዊ በነካው አረንጓዴ አስቀየረው፣ ሥጋውም ቀላ። ከእሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1914 የሳን ፍራንሲስኮው ቀዶ ሐኪም ሃሪ ሸርማን የኦፕራሲዮን ክፍሉን አረንጓዴ ያስቀባው በዚሁ ሕግ ተመርኩዞ ነበር። በነጭ ክፍል ውስጥ ደም ላይ ያፈጠጠ ዓይን ቀና ሲል በነጩ ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ጥላ ያያል፤ ግድግዳው ራሱ አረንጓዴ ሲሆን ጥላው ይጠፋል፣ ዓይንም ያርፋል። እስከ ዛሬ ቀዶ ሐኪሞች አረንጓዴና ሰማያዊ ልብስ የሚለብሱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ የደረሰ አንባቢ «እንግዲያው ማዕድ ቤቴን አረንጓዴ ልቀባ» ቢል አይፈረድበትም። ግን ይቆይ። የቢረን ግድግዳ ሰፊ ሱቅ ውስጥ፣ ከሥጋው ጀርባ፣ በነጭ መብራት የሚታይ ነበር። የኮንዶሚኒየም ማዕድ ቤት ግን ክንድ ሲዘረጉበት ሁለቱን ግድግዳ የሚነካ ጠባብ ክፍል ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ክፍል ግድግዳ ጎረቤት ብቻ ሆኖ አይቀርም፣ መብራትም ይሆናል። ከአምፖሉ የወጣው ብርሃን ግድግዳ ላይ አርፎ፣ የግድግዳውን ቀለም ይዞ፣ ምግቡ ላይ ይወርዳል። ሥራውም የጎረቤት ተቃራኒ ነው። አረንጓዴ ጎረቤት ሥጋን ያቀላል፤ አረንጓዴ ብርሃን ግን ያጠቁረዋል፤ ቀይ የምናየው ቀይ ብርሃን ሲመለስልን ነውና። ሰማያዊ ሳህን ከሽሮው ሥር ቢሆን ሽሮውን ያሳምረዋል፤ ሰማያዊ ክፍል ግን ያበላሸዋል። ጠንካራ ቀለም በትንሽ ቦታ፣ ከምግቡ ጎን ሲሆን ይጠቅማል፤ አራቱን ግድግዳ ሲሞላ ይጎዳል። የቀለም ምክር እርስ በርሱ የሚጣላ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ይህ ስለማይለይ ነው።

ሰማያዊን ከንጽሕና ጋር ማያያዝ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1926 ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች ኦስትሪያዊት አርክቴክት ለፍራንክፈርት ከተማ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የነደፈችው፣ ዛሬ ለምናውቀው ባለ ካቢኔት ማዕድ ቤት መነሻ የሆነው ንድፍ ሰማያዊ ቅብ ነበረው። ስፋቱ 1.9 በ3.4 ሜትር ገደማ ነው፤ 10,000 ያህል ቤቶችም ተገጥሞላቸዋል። ሰማያዊ የተመረጠው ዝንብ ሰማያዊ ላይ አታርፍም ተብሎ ስለታመነ ነበር። ለዝንብ የታሰበውን ያህል ለምግቡ መልክ አልታሰበም።

አሁን አንድ ማዕድ ቤት ውስጥ እንግባ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት ወዳጄ ማዕድ ቤቷ 1.8 በ2.6 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር ነው። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳ ስለሆነ ቀጥታ ፀሐይ አይገባም። ወለሉ ቡናማ ሴራሚክ፣ ካቢኔቱ የሚያብለጨልጭ ነጭ፣ ግድግዳው ውሃ ሰማያዊ የዘይት ቀለም፣ አምፖሉ ከሰፈር ሱቅ የተገዛ ነጭ ኤልኢዲ። ቤቱ ከላይ እስከ ታች ይታጠባል። የእሷ ስሞታ ሌላ ነው፤ «ወጡ እሳት ላይ እያለ አያምረኝም፤ ሳሎን ስወስደው ደኅና ይሆናል» ትላለች። ቀለም ቀቢውን ጠርታ ስትነግረው የሰጣት መልስ፣ «እትዬ፣ እሱ እኮ የሙያ ነገር ነው እንጂ የቀለም አይደለም» የሚል ነበር። ሰውየው በገዛ ሥራው ላይ እየፈረደ እንደሆነ አላወቀውም።

ምግቡ የሚበላው ሳሎን ከሆነ ማዕድ ቤቱ ምን አገባው የሚል ይኖራል። አብሳይ ግን የምታበስለው በአፍንጫዋና በምላሷ ብቻ አይደለም። ሽንኩርቱ ነጭነቱን ለቆ ወርቃማ፣ ከዚያም ቡናማ መሆኑን የምታየው በዓይኗ ነው። በርበሬው ገብቶ ቁሌቱ ከደማቅ ቀይ ወደ ጥልቅ ቀይ ሲዞርና ማረር ሲጀምር ያለው ልዩነት የጥቂት ደቂቃ ነው። ቀይን በማያሳይ ብርሃን ሥር ሁሉም አንድ ዓይነት ቡናማ ነው። አረረ አላረረም ብላ ውሃ አስቀድማ ታፈሳለች፣ ወይም ታዘገያለች።

ሥራው የሚጀመረው ከግድግዳው አይደለም፣ ከአምፖሉ ነው። ርካሹም ፈጣኑም ለውጥ እሱ ነው። በአምፖል ካርቶን ላይ ሁለት ነገር ይነበባል። አንዱ በኬልቪን የሚለካው የብርሃኑ ሙቀት ነው። 2700 እንደ ድሮው አምፖል ቢጫ፣ 6500 ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። በሱቆቻችን «ነጭ» እየተባለ በብዛት የሚሸጠው ይህ ባለ 6500 ነው። ለማዕድ ቤት የሚስማማው ከ3000 እስከ 4000 ያለው ነው፤ ከዚያ በታች ሲወርድ ነጩ ካቢኔት ይወይባል፣ ከዚያ በላይ ሲወጣ ምግቡ ይሞታል። ሁለተኛው ሲአርአይ ይባላል፤ አምፖሉ የነገሮችን ቀለም ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ ከ100 የሚሰጥ ውጤት ነው። 80 የተለመደ ነው፤ 90 እና ከዚያ በላይ የሆነው ለማዕድ ቤት ዋጋውን ያወጣል። አንድ ተንኮል ግን አለው። ይህ ውጤት የስምንት ለስለስ ያሉ ቀለሞች አማካይ ነው፤ ደማቁ ቀይ ከስምንቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ 80 ያገኘ አምፖል በርበሬን ክፉኛ ሊያጠቁር ይችላል።

ካርቶኑ ላይ ያልተጻፈ ወይም የማይታመን ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ባለሱቁ አምፖሉ መሥራቱን ለማሳየት መቼም ሶኬት ላይ ሰክቶ ያበራዋል። በዚያን ጊዜ በትንሽ ላስቲክ የቋጠራችሁትን በርበሬ አውጥታችሁ ከሥሩ ያዙት፣ ከዚያ በር ላይ ወጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት። በአምፖሉ ሥር ቡና ቡና ካለ ያ አምፖል ይቅርባችሁ። በርበሬ ካልያዛችሁ የእጃችሁ መዳፍ ይበቃል፤ ቀይ የሚያጥረው ብርሃን መዳፍን የበሽተኛ ያስመስለዋል። ባለሱቁ ቢስቅም ይሳቅ።

ወዳጄ አምፖሉን ባለ 4000 እና ሲአርአይው 90 በሆነ ቀየረች፤ ከምድጃው በላይ ካለው ካቢኔት ሥርም አንድ ጨመረች፣ ያለዚያ የአብሳይዋ ጥላ ራሱ ድስቱ ላይ ይወድቃልና። ሽሮው ከግማሽ በላይ ተመለሰ። የቀረው የሰማያዊው ግድግዳ ድርሻ ነበር።

ግድግዳው ምን ይሁን? የመጀመሪያ ሐሳቧ ክሬም ነበር፤ ቀለም ቀቢውም ወደዚያው አዘነበለ። እዚህ ላይ የሼቭረል ሕግ እንደገና ይመጣል፤ አሁን የሚመለከተው ወጡን ሳይሆን ንጽሕናውን ነው። ካቢኔቱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ደማቅ ነጭ ነው። ክሬም ከእሱ ጎን ሲቆም ልዩነታቸው ይጋነናል፤ ዓይን ክሬሙን የሚያነበው «ክሬም» ብሎ አይደለም፣ «የወየበ ነጭ» ብሎ ነው። በአንድ ማዕድ ቤት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነጮች ከተገናኙ አንዱ ሁልጊዜ ቆሻሻ ይመስላል። ጠዋት ማታ እየታጠበ ጠርቶ የማያውቅ ማዕድ ቤት ስታዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ስለዚህ ወይ የግድግዳው ነጭ ከካቢኔቱ ነጭ ጋር በጣም ይቀራረብ፣ ወይ ደግሞ ማንም «ነጭ ሊሆን ፈልጎ ነበር» እንዳይለው በግልጽ ሌላ ቀለም ይሁን። መሐል መንገድ ላይ የቆመው ነው የሚጎዳው።

የመረጠችው የመጀመሪያውን ነው፤ ነጭ ሆኖ ጥቂት ሞቅ ያለ። ነጭ ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶ ገደማውን ይመልሳል፣ የሚመልሰውም ቀለም አይይዝም። ጠባብና መስኮቱ ደካማ ለሆነ ክፍል ከዚህ የተሻለ የለም። ምግቡን ለማሳመር የራሱን ጉልበት አይጨምርም፤ አይጎዳውምም።

ናሙናውን ያየችበት መንገድ ከቀለሙ ምርጫ ይልቅ የሚያስተምር ይመስለኛል። ጣት የምታክል የካታሎግ ቁራጭ ምንም አትናገርም። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጠፍጣፋ ካርቶን ላይ ሁለት እጅ ተቀብቶ፣ አድሮ ይታያል፤ የውሃ ቀለም ሲደርቅ ከእርጥቡ ጠቆር ይላልና ወዲያው አይፈረድበትም። አሮጌው ሰማያዊ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ማየትም አይሆንም። ሰማያዊው ናሙናውን ወደ ተቃራኒው ስለሚገፋው ሞቅ ያለውን ነጭ ቢጫ ያስመስለዋል፤ ሰማያዊው ሲጠፋ ያ ቢጫነት አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ካርቶኑ የሚደገፈው ካቢኔቱ ላይ ነው፣ ቀጥሎም ወለሉ ላይ ይቀመጣል፤ እነዚህ የማይቀየሩት ጎረቤቶቹ ናቸው። ከፊቱ በእንጀራ ላይ የወጣ ወጥ ይደረግና ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ በአዲሱ አምፖል ይታያል። ማታ ጥሩ መስሎ ጠዋት አመድማ የሚሆን አለ። በሁለት ናሙና መካከል ከተጠራጠራችሁ ፈዘዝ ያለውን ውሰዱ፤ ቀለም አራት ግድግዳ ላይ ሲወጣ ከናሙናው መጠንከሩ አይቀርም።

አረንጓዴውስ? እሱ የገባው ከመሥሪያ ጠረጴዛው በላይ፣ ከላይኛው ካቢኔት በታች ባለው 55 ሴንቲ ሜትር ስፋት ብቻ ነው፤ ፈዘዝ ያለ፣ ጥቂት ግራጫ የነካው አረንጓዴ ሴራሚክ። የሚከተፈው ሥጋ፣ ቲማቲሙ፣ የበርበሬው ዕቃ፣ ድስቱ፣ ሁሉም የሚታየው ከእሱ ፊት ለፊት ነው። ቦታው ትንሽ ስለሆነ በክፍሉ ብርሃን ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም፤ የጎረቤትነቱን ሥራ ግን ይሠራል። ቀይ የሆነውን ያቀላል፣ እንጀራውንም ጥቂት ያሞቀዋል። ደማቅ የቅጠል አረንጓዴ ቢሆን ኖሮ ጎመኑና ሰላጣው በፊቱ ይገረጡ ነበር። ቡናማው ወለል እንዳለ ቀረ፤ ጠቆር ያለ ወለል ከነጭ ግድግዳ በታች ክፍሉን አያሳንሰውም፣ ከሥር የሚወድቀውንም ይሸከማል።

ከቀለሙ በኋላ የሚመጣው የቅቡ ዓይነት ነው። በማዕድ ቤት የዘይት ቀለም የተለመደው ስለሚታጠብ ነው። ነጭ የዘይት ቀለም ግን ከጊዜ ጋር ይወይባል፤ ብርሃን በማያገኝበት በካቢኔት ጥግና በበር ጀርባ ደግሞ ይብስበታል። ያን የተባለውን ሁለተኛ ነጭ ራሱ ይፈጥረዋል ማለት ነው። የሚታጠብ፣ በግማሽ የሚያንፀባርቅ የውሃ ቀለም አይወይብም። ሙሉ በሙሉ የሚያብለጨልጨው አምፖሉን እንደ መስተዋት ይመልሳል፣ የስቱኮውን ጉድጓድና ጉብታም ያጋልጣል፤ ጭራሽ የማያንፀባርቀው ደግሞ የወጥ ፍንጣቂ ጠጥቶ አይለቅም።

አሮጌው ቅብ የዘይት ከሆነ የውሃ ቀለም በላዩ ዝም ተብሎ አይቀባም፤ ወራት ሳይቆይ እየተላጠ ይወርዳል። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጥጥ በአልኮል ነክሮ ማሸት ነው። ጥጡ ቀለም ካነሳ የውሃ ነው፣ ካላነሳ የዘይት። የዘይት ሲሆን ግድግዳው መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ ቅባቱ ይለቅቃል፣ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፣ ሲደርቅ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ በላዩ የሚይዝ ፕራይመር አንድ እጅ ይወርዳል። ቀለም ቀቢዎች ለመዝለል የሚቸኩሉት ይህን ነው። ሳይታጠብ የተፋቀ ቅባት ደግሞ ወደ ውስጥ ይሰማራል እንጂ አይጠፋም፤ ከምድጃው በላይ ብቻ የሚላጥ ወይም ቢጫ የሚያወጣ አዲስ ቀለም ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

የቀለሙን መጠን ማስላት ቀላል ነው። የወዳጄ ማዕድ ቤት ዙሪያው 8.8 ሜትር ነው፤ በ2.5 ሜትር ቁመት ሲባዛ 22 ካሬ ይሆናል። በሩ፣ መስኮቱ፣ ካቢኔቱና ሴራሚኩ ግማሹን ያህል ስለሚወስዱ የሚቀባው 11 ካሬ ገደማ ነው። ሁለት እጅ ሲሆን 22። ለስላሳ ግድግዳ ላይ አንድ ሊትር 10 ካሬ ያህል ይሸፍናል፤ ስለዚህ ከሁለት ሊትር ትንሽ በለጥ ያለ ይበቃል። አንድ ባለ 4 ሊትር ጋሎን ገዝቶ ትርፉን ክዳኑ ጠብቆ ማስቀመጡ ይሻላል፤ በሌላ ቀን የተበጠበጠ ነጭ ከመጀመሪያው ጋር ልክ አይገጥምም፣ በሁለት ነጭ ምን እንደሚመጣ ደግሞ አይተናል።

ሴራሚክ የሚያስለጥፍ ሰው ስለ መጋጠሚያው መስመር ይጠየቃል፤ ሁሉም ነጭ ይላል። ከምድጃ ጀርባ ነጭ መጋጠሚያ የእርድ ወጥመድ ነው። አልጫ ሲንተከተክ የሚፈናጠረው እርድ በሴራሚኩ ላይ አይይዝም፣ በመጋጠሚያው ግን ይሰርጋል። በሳሙና ሲታሸም ቢጫው ድንገት ወደ ቀይ ቡናማ ይዞራል፤ የሳሙናው ባሕርይ ቀለሙን ስለሚለውጠው ነው እንጂ ዝገት አይደለም። ሎሚ ሲነካው ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ጨርሶ የሚያጠፋው ፀሐይ ነው፤ ጨርቅ ከሆነ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ግድግዳ ግን አይሰጣም። ከሴራሚኩ በአንድ ደረጃ ጠቆር ያለ ግራጫ መጋጠሚያ ሁሉንም ይሸከማል፤ መስመሩ ወጥ ሆኖ ስለሚቆይም ግድግዳው ከነጩ ይልቅ ለረዥም ጊዜ ንጹሕ ይመስላል።

አዲስ የተቀባ ግድግዳ በማግስቱ ለእጅ ደረቀ ማለት ለውሃና ለሳሙና ጠነከረ ማለት አይደለም። ቀለሙ ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ወጥ ከተፈናጠረበት ወዲያው በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ተጭኖ ማንሳት እንጂ ማሸት የለም፤ ከታሸ ቦታው ያብለጨልጭና ከአጠገቡ ተለይቶ ይቀራል። በረኪናና የብረት መፈግፈጊያ ደግሞ ሳምንቱ ካለፈም በኋላ ቢሆን ለተቀባ ግድግዳ አይሆኑም።